አንድ ልማድ በሦስት መኪና ላይ፦ የጎማ ማፈራረቅ የጉዳይ ጥናት ከደብረ ማርቆስ

ይህን የምጽፈው ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ስምሪትና ጥገና ኃላፊ ሆኜ ስሠራ ያጋጠመኝን ለመመዝገብ ነው። መሥሪያ ቤቱንም ሰዎቹንም አልጠቅስም። ጥፋቱ የማንም ክፋት ሳይሆን የሁላችንም ልማድ ነበር፣ ከልማዱ ፈጣሪዎች አንዱም እኔ ነኝ።

መነሻው

መሥሪያ ቤቱ ሦስት መኪና አለው። አንደኛው ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ሞተሩ ፊት፣ የሚነዱትም የፊት ጎማዎቹ ናቸው። ሁለተኛው ሠራተኛ የሚያመላልስ ሃይስ ሚኒባስ ሲሆን የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ነው። ሦስተኛው ለመስክ የሚወጣ አነስተኛ ጂፕ ነው። ይህኛው ማርሽ ሳይቀየርለት ሁልጊዜ አራቱንም ጎማ ይነዳል።

መንገዶቻችን የታወቁ ናቸው። ኮሮላው አዲስ አበባ ይመላለሳል። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሃይሱ በአማኑኤልና በደምበጫ በኩል እስከ ፍኖተ ሰላም ይሄዳል። ጂፑ ደግሞ ግማሹን ጊዜ ጠጠርና ጥቁር አፈር ላይ ነው።

የጎማ ማፈራረቅ ሥራችን በዓመት አንድ ጊዜ ነበር፣ ያውም ለቦሎ ምርመራ ስንዘጋጅ። ጎሚስታው የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት፣ በዚያው ጎን ይቀይራል። ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ሆኖ ይቀራል። ሦስቱም መኪኖች የሚስተናገዱት በዚህ አንድ መንገድ ነበር። እኔም ቅጹ ላይ «ጎማ ተፈራርቋል» ብዬ እፈርማለሁ።

ችግሩ እንዴት ታየ

መጀመሪያ የጮኸው ኮሮላው ነው። ሹፌሩ ታኅሣሥ ላይ መጥቶ «ከኋላ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፣ ከ60 ሲያልፍ ይብሳል» አለኝ። አብሬው ነዳሁ። ድምፁ ከፍጥነቱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ግን አይለወጥም። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ የሁሉም ሰው ጥርጣሬ ኩሽኔት ላይ ያርፋል። የእኛም ጥርጣሬ እዚያው አረፈ፤ የኋላውን የቀኝ ኩሽኔት አስቀየርን። ድምፁ ምንም አልተለወጠም።

ለኩሽኔቱ የወጣው ገንዘብ ከማንም ይልቅ የሚጸጽተው እኔን ነው። ነገሩን በሁለት ደቂቃ በእጅ መለየት ይቻል ነበርና። መዳፌን የኋላው ጎማ ትከሻ ላይ አድርጌ ወደ አንድ አቅጣጫ ሳንሸራትተው ለስላሳ ነው። ወደ ተቃራኒው ስመልሰው ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ጣቴን ይይዘዋል። እያንዳንዱ የጎማ ጥርስ በአንድ ጠርዙ ዝቅ፣ በሌላው ጠርዙ ከፍ ብሏል። በመለኪያ ሳየው የሁለቱ ጠርዞች ልዩነት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ነበር። ድምፁን የሚያወጣው እያንዳንዱ ከፍ ያለ ጠርዝ አስፋልቱን ሲመታ ነው።

የጂፑ ችግር ሌላ መልክ ነበረው። መስክ ላይ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በስለታም ድንጋይ ጎናቸው ተቀዶ ሊጠገኑ አልቻሉም። ለአንደኛው ስኮርታውን ሰቀልን፣ ለሌላው ያንኑ ዓይነት አዲስ ጎማ ገዛን። ስኮርታው መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ያልተነካ በመሆኑ ከኋላ ሁለት ሙሉ ጎማ፣ ከፊት ሁለት ያረጀ ጎማ ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሹፌሩ ግቢ ውስጥ መሪውን እስከ መጨረሻ አዙሮ ሲወጣ መኪናው ፍሬን እንደተያዘ እየተንገዳገደ ይጎተታል። ከባሕር ዳር ሲመለስ ደግሞ ከወለሉ ሥር የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

ሃይሱ ምንም አልጮኸም። የኋላ ጎማዎቹ ብቻ ከፊቶቹ ቀድመው እያለቁ ነበር።

መንስኤውን ስንፈልግ

ከኮሮላው እንጀምር። በፊት ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ የፊቶቹ ሦስት ሥራ አለባቸው። ሞተሩን ይሸከማሉ፣ መኪናውን ይጎትታሉ፣ ይጠመዝዛሉም። ስለዚህ ቶሎ ያልቃሉ፤ ግን ኃይል ስለሚያልፍባቸው ጥርሳቸው በአንጻሩ እኩል ይበላል። የኋላዎቹ ዝም ብለው ይከተላሉ። የሚደርስባቸው ኃይል በፍሬን ጊዜ የሚመጣው ብቻ ነው፣ እሱም ምንጊዜም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። ዓባይ ቁልቁለት ላይ ለረጅም ጊዜ ፍሬን የሚይዝ መኪና የኋላ ጎማ ጥርሶቹን በአንድ ጠርዝ እየፈጋቸው ይወርዳል። ጎማው በዚያው ጎን ወደ ፊት ቢሄድም የሚሽከረከርበት አቅጣጫ አይለወጥም፣ የተዛባውን ጠርዝም የሚመልሰው ነገር ያንሳል። ወደ ሌላው ጎን ተሻግሮ ሲገባ ግን ሽክርክሪቱ ይገለበጣል፤ ከፍ ብሎ የቀረው ጠርዝ ኃይል እየተቀበለ መስተካከል ይጀምራል።

ሦስቱን መኪኖች የሚገዛው ሕግ ከዚህ ይወጣል። እኔ በቃሌ የያዝኩት እንዲህ አድርጌ ነው፦ ከነጂው አክስል፣ ማለትም ሞተሩ ከሚያዞራቸው ጎማዎች ቦታ፣ የሚወጣ ጎማ በጎኑ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ነጂው አክስል የሚገባ ጎማ ተሻግሮ ይገባል። በኮሮላው ነጂው ፊት ስለሆነ የፊቶቹ ቀጥታ ወደ ኋላ ይሄዳሉ፣ የኋላዎቹ ደግሞ ተሻግረው ወደ ፊት ይመጣሉ። በሃይሱ ነጂው ኋላ ስለሆነ ይገለበጣል፤ የኋላዎቹ ቀጥታ ወደ ፊት፣ የፊቶቹ ተሻግረው ወደ ኋላ። አራቱንም ለሚነዳው ጂፕ በተለምዶ የሚሠራበት የሃይሱ መንገድ ነው። አራቱንም በየሰያፉ ማሻገርም ይቻላል። ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ፣ አራቱ የሚሠራው በማርሽ ሲገባ ብቻ ከሆነ መኪናው አብዛኛውን ዕድሜውን የሚነዳው በኋላ ጎማ ነውና እንደ ሃይሱ ቁጠሩት።

ጊዜውም ጥፋት ነበረበት። ብዙ አምራቾች ከ8,000 እስከ 10,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ጎማ እንዲፈራረቅ ይመክራሉ። ኮሮላው በዓመት ወደ 22,000 ይሄዳል። አቅጣጫው ነው ይበልጥ የጎዳው ወይስ መዘግየቱ ቢባል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስላስተካከልን ነጥዬ መፍረድ አልችልም።

የጂፑ ነገር ደግሞ ሒሳብ ነው። አዲሶቹ 8 ሚሊ ሜትር የጥርስ ጥልቀት ነበራቸው፣ የፊቶቹ 3.8። ልዩነቱ 4.2 ሚሊ ሜትር ሲሆን በዙሪያው ሲባዛ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በመኪናው ጎማ ልክ፣ ማለትም ወርዱ 215፣ ቁመቱ የወርዱ 70 በመቶ፣ ቸርኬው 16 ኢንች በሆነ ጎማ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 450 ጊዜ ያህል መዞር ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ እንግዲህ ፊትና ኋላ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 12 ሜትር ይለያያሉ። በተግባር ልዩነቱ ያንሳል፤ ጎማው ውስጥ ያለው የብረት ቀበቶ ጥርስ ሲያልቅ አብሮ አያጥርምና። ቢያንስም ግን አያቋርጥም። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ሳይቀር ፊትና ኋላ በተለያየ ፍጥነት ይዞራሉ። በዚህ ጂፕ ሁለቱን አክስሎች የሚያያይዘው መሃል ላይ ያለ ልዩ ፈሳሽ የያዘ ማያያዣ ነው። ፈሳሹ የፍጥነት ልዩነት ሲሰማው ይወፍርና ሁለቱን ለማስተካከል ይታገላል። የተሠራው ጭቃ ውስጥ አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ለጥቂት ሰኮንድ እንዲይዝ ነው፤ እኛ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ድረስ እንዲይዝ አስገደድነው። የዘይቱም ሽታ፣ ግቢ ውስጥ የመጎተቱም ነገር የመጣው ከዚያ ነው።

የሚፈቀደው ልዩነት ከአምራች አምራች ይለያል። ጥብቅ ከሆኑት አንዱ ሱባሩ ነው፤ የጎማዎቹ ዙሪያ ልዩነት ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6.4 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይላል። ይህ በጥርስ ጥልቀት ሲመነዘር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የእኛ ልዩነት ከዚያ አራት እጥፍ ነበር።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

ከማንኛውም ነገር በፊት ለካን። በየጎማው ላይ በሦስት ቦታ፣ ከውስጥ ጠርዝ፣ ከመሃልና ከውጭ ጠርዝ፣ ጥልቀቱን ወስደን ጎማው ያኔ ካለበት ቦታ ጋር ጻፍን። ቀጥሎ በጠመኔ «ፊት ግራ»፣ «ኋላ ቀኝ» እያልን ምልክት አደረግን። ጎማ ከወለቀ በኋላ የትኛው የት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው የለም፣ የሚያስታውስ የሚመስለው ሰው ግን ሁልጊዜ አለ።

ጎሚስታው በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የተፈተነ ሰው ናቸው። ማሻገሩን ስነግራቸው አልተስማሙም። «ልጄ፣ ጎማ በለመደው ጎን ነው የሚኖረው፤ ከተሻገረ ውስጡ ያለው ሽቦ ይበጠሳል» አሉኝ። ይህ አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ራዲያል ጎማዎች በወጡበት ዘመን አምራቾቹ ራሳቸው እንዳይሻገር ይመክሩ ነበር። በዛሬዎቹ ጎማዎች ይህ ምክር ቀርቷል። «ጋሼ፣ ጎኑ ላይ ቀስት ያለበትን ብቻ አናሻግርም፣ ይህ ቀስት የለውም» ብዬ ጎማውን ዞር ዞር አድርጌ አሳየኋቸው። አዩና «ኃላፊነቱ የአንተ ነው» ብለው ክሪኩን አነሡ።

አንድ ክሪክ ብቻ ላለው ሰው የኮሮላው አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ የፊት ግራውን አውልቀን በቦታው ስኮርታውን ሰቀልን። የወለቀውን ወስደን ኋላ ግራ ላይ አሰርን፤ ከኋላ ግራ የወለቀው ወደ ፊት ቀኝ ገባ፤ ከፊት ቀኝ የወለቀው ወደ ኋላ ቀኝ ሄደ፤ ከኋላ ቀኝ የወለቀው ደግሞ መጥቶ ስኮርታውን አስወጥቶ ፊት ግራ ላይ ተቀመጠ። ሰንሰለቱ ራሱን ይዘጋል፣ መኪናውም አንድ ጊዜ እንኳ ያለ አራት ጎማ አይቆምም። የኋላው ሲነሣ የፊት ጎማዎች ሥር ከሁለቱም ወገን ድንጋይ ማስገባት ግድ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላዎቹን ነውና አንዱ አየር ላይ እያለ እምነት የሚጣልበት አይደለም።

ብሎኖቹ በሰያፍ ቅደም ተከተል ታሰሩ፤ በመጨረሻ በቶርክ ቁልፍ ለኮሮላው በተወሰነው 103 ኒውተን ሜትር ተረጋገጡ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ እንደገና ፈተሽናቸው። አንዱ ትንሽ ላልቶ ተገኘ። ቸርኬው የሚቀመጥበት ፊት ላይ የደረቀ ጭቃ ስለነበር ይመስለኛል፤ አሁን ከመስቀላችን በፊት በሽቦ ብሩሽ እንጠርገዋለን።

ለሃይሱ ከማሻገሩ በተጨማሪ አየሩን ማስተካከል ነበረብን። የፊቱና የኋላው አየር የተለያየ እንዲሆን የሹፌሩ በር ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ያዛል። ጎማው ቦታ ሲቀይር አየሩ የድሮ ቦታውን ልክ ይዞ ነው የሚሄደው። ለዓመታት ጎማ አፈራርቀን አየር ሳንነካ ሠራተኛ ጭነን ልከናል።

ለጂፑ የነበረው ምርጫ መራራ ነበር። ሁለት አዲስና ሁለት አሮጌ ጎማ ይዞ የትኛውም የማፈራረቅ መንገድ አይረዳም። ፊትና ኋላ ብናቀያይር ልዩነቱ ፊቱን ያዞራል እንጂ አይጠፋም። አንድ አዲስና አንድ አሮጌ በየአክስሉ ቢደረግ ደግሞ ሸክሙ ከመሃሉ ማያያዣ ወደ ፊትና ኋላ ዲፈረንሻሎች ይሻገራል፣ መኪናውም ወደ አንድ ጎን መሳቡ አይቀርም። ሦስት ጎማ ጨምረን አምስቱንም እኩል አደረግን። ሻጩ ባለ ቀስት ጎማ በጥሩ ዋጋ ሊሰጠን ነበር፣ አልወሰድኩም። ባለ ቀስት ጎማ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚሠራ ስኮርታውን ለግማሹ መኪና ብቻ እንዲያገለግል ያደርገዋል።

ከዚያ ወዲህ የጂፑ ስኮርታም ተራ ይይዛል። ስኮርታው ኋላ ቀኝ ይገባል፣ ኋላ ቀኝ ወደ ፊት ቀኝ፣ ፊት ቀኝ ተሻግሮ ወደ ኋላ ግራ፣ ኋላ ግራ ወደ ፊት ግራ፣ ፊት ግራ ደግሞ ያርፋል፣ ማለትም ስኮርታ ይሆናል። እንዲህ ሲደረግ አምስቱ አብረው ያረጃሉ። ነገ አንዱ በድንጋይ ቢቀደድ የሚተካው ከሌሎቹ ጋር የሚቀራረብ ጎማ ነው። ይህን ቀድመን አድርገን ቢሆን ኖሮ ስኮርታው ለአንደኛው ጎማ በቂ ምትክ ይሆን ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ጂፑ ወዲያው ዳነ። ግቢ ውስጥ መጎተቱ በዚያው ቀን ቆመ፣ የዘይት ሽታውም አልተመለሰም። ማያያዣው ምን ያህል ዕድሜ እንዳጣ ግን ከውጭ አይታይም። ዘይቱን ስንቀይር ጠቁሮ አገኘነው።

ኮሮላው እንዲያ አልቸኮለም። የመጀመሪያው 800 ኪሎ ሜትር እንዲያውም ባሰ። የተበላሹት ጎማዎች ወደ ፊት ስለመጡ ድምፁ ከሹፌሩ እግር ሥር ሆነ፣ መሪውም በስሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሹፌሩ እንድንመልሰው ለመነኝ፣ እኔም ልመልሰው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ወደ 3,000 ሲደርስ ግን ቀነሰ፤ 6,000 ላይ ልብ ብሎ ለሚሰማው ብቻ የሚሰማ ሆነ። ቀድሞ አውቄ ቢሆን ለሹፌሩ በመጀመሪያው ቀን እነግረው ነበር።

አንድ ጎማ ግን አልዳነም። በመዝገባችን ፊት ግራ የነበረው፣ ከውጭ ጠርዙ 4.5፣ ከውስጥ ጠርዙ 2.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ የተለካው ነው። እንዲህ በአንድ ወገን መበላት ከማፈራረቅ ጉድለት አይመጣም፤ የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ተዛብቷል ማለት ነው። ባሕር ዳር ወስደን አላይመንቱ ሲታይ የፊቶቹ ጎማዎች ከልክ በላይ ወደ ውጭ ተከፍተው ተገኙ። በአሮጌው ልማድ ይህን ሳናየው ዓመታት ማለፋቸው አይደንቅም። አቀማመጡ በተዛባው ቦታ ላይ ያለው ጎማ በየጊዜው እየተነሣ ሌላ ሲተካበት ጉዳቱ ለአራቱም ይከፋፈልና አንዱም ለብቻው አይጮኽም። ማፈራረቅ በሽታውን የሚደብቅበት መንገድ ይህ ነው፣ በተለይ ሳይለካ ሲደረግ።

ለሌላ መኪና የሚተርፈው

ከጉዳዩ ሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመኝ ልኬቱ ሆኗል። ጎማው ከመነቃነቁ በፊት በቆመበት ቦታ መለካት አለበት። ውስጡ ብቻ ወይም ውጩ ብቻ ካለቀ ወደ አላይመንት፣ ሁለቱም ትከሻ አልቆ መሃሉ ከቀረ አየሩ አንሶ ነበር፣ መሃሉ ብቻ ካለቀ አየሩ በዝቶ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። እነዚህ ሳይታረሙ የሚደረግ ማፈራረቅ አዲስ ጎማ ወደ ጥፋቱ ቦታ ማቅረብ ነው።

ኩሽኔት ከማስቀየራችሁ በፊት መዳፋችሁን በሁለቱም አቅጣጫ በጎማው ላይ አንሸራቱ። ከተጠራጠራችሁ ፊቱንና ኋላውን አቀያይራችሁ ንዱት፤ ድምፁ ከጎማው ጋር ቦታ ከቀየረ ጎማ ነው፣ በቦታው ከቀረ ኩሽኔት ነው።

ማሻገር የማይቻልበት ሁኔታም አለ። ባለ ቀስት ጎማ በጎኑ ብቻ ፊትና ኋላ ይቀያየራል። የኋላ ጎማው ከፊቱ የሚሰፋ መኪና ካላችሁ ደግሞ ቀስት ከሌለው ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚቀያየረው።

አራቱንም በሚነዳ መኪና ላይ ጎማ የሚገዛ ሰው መለኪያ ከሌለው የጎማውን ዙሪያ ሁሉ የሚያዳርስ ተጣጣፊ ሜትር ይበቃዋል። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን በመሃሉ ዙሪያውን ይጠቅልለው፣ አራቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጻፍ፣ ከመኪናው መመሪያ ጋር ያስተያይ።

የቀረው

የሃይሱ ጉዳይ ገና አልተዘጋም። በአዲሱ መንገድ የተፈራረቀው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የኋላዎቹ አሁንም ከፊቶቹ በ0.7 ሚሊ ሜትር ይቀድማሉ። ሹፌሩ ከደምበጫ መውጫ ላይ ጭነት ስለሚጨምር ነው ይላል፤ እኔ አየሩን ነው የምጠረጥረው። የሚቀጥለው ልኬት 8,000 ሲሞላ፣ ከጥምቀት በፊት ነው።